100 ሄርዝ ላይ ያለው ጉብታ የማን ነው?

እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ውኃ የሚገፋ አንድ ትልቅ ፓምፕ አለ። መንቀጥቀጥ አበዛ። የጥገና ክፍል ልጆች ሞተሩ ላይ ሴንሰር ለጥፈው፣ በሴኮንድ 1024 ናሙና እየወሰዱ፣ ንዝረቱን ለ64 ሴኮንድ ቀዱት። በድምሩ 65536 ቁጥር ማለት ነው። ከዚያ ይኸው አንድ ቅጂ ሦስት ግራፍ ወለደ፣ ሦስቱ ግራፎች ደግሞ ሦስት የተለያየ በሽታ ተናገሩ።

የመጀመሪያውን የሠራው ወጣት ኢንጂነር ነው። ሙሉውን ቅጂ እንዳለ ንዝረቱን በየፍሪኩዌንሲው የሚለያየው ፉሪየር ትራንስፎርም ውስጥ ከተተው፣ መጠኑን በራሱ አባዛና ሣለው። ፔሪዮዶግራም የሚባለው ይህ ነው። ግራፉ እሾህ በእሾህ ነበር። 73 ሄርዝ ላይ ያለችው እሾህ ግን ከአካባቢዋ አማካይ አሥር እጥፍ ያህል ትበልጥ ስለነበር፣ ልጁ «ኩሽኔታው ተበልቷል» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣ አሥር እጥፍ እኮ ነው!» አላቸው የጥገና ኃላፊውን።

«ልክ ነህ፣ ግን እስቲ ቅጂውን ለሁለት ክፈለውና ሁለቱንም ለየብቻ ሥራልኝ» አሉት።

ሠራው። በመጀመሪያው ግማሽ 73 ሄርዝ ላይ ምንም የለም። በሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ረጃጅሞቹ እሾሆች ሌላ ቦታ ላይ ናቸው። እውነተኛ ጫፍ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ውስጥ እዚያው ቦታው ላይ ይገኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖይዝ ሲሆን ፔሪዮዶግራም በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚወዛወዘው የራሱን አማካይ ያህል ነው፤ እውነተኛው ዋጋ 1 ከሆነ 0.1ም 3ም ሊያሳይህ ይችላል። ብዙ ሰው «ታዲያ ረዘም አድርገን እንቅዳ» ይላል። አይጠቅምም። ቅጂው ሲረዝም የሚጨምረው የፍሪኩዌንሲ ነጥቦቹ ብዛት ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ግን እንደ ድሮው ይወዛወዛል። እኛ ጋ 32768 ነጥብ ነበር። ንጹህ ኖይዝ እንኳ ቢሆን ከዚህ ሁሉ ነጥብ መካከል ትልቁ ከአማካዩ አሥር እጥፍ አካባቢ እንደሚወጣ ከሒሳቡ ይጠበቃል፣ ምክንያቱም የ32768 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 10.4 ነው። ስለዚህ ያቺ የ73 ሄርዝ እሾህ አለመገኘቷ ነበር የሚገርመው።

መድኃኒቱ የቆየ ነው። ባርትሌት በ1948 ያቀረበው፣ ዌልች ደግሞ በ1967 ያሻሻለው መንገድ፦ ቅጂውን ቆራርጠህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ፔሪዮዶግራም ሥራ፣ ከዚያ አማካያቸውን ውሰድ። 16 የማይደራረቡ ቁራጮች ካሉህ ውዝዋዜው በ16 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ4 ይቀንሳል፤ ከመቶ በመቶ ወደ 25 በመቶ። ዌልች የጨመረው የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በዊንዶው ማለስለስና ቁራጮቹን ማደራረብ ነው። ጠርዙ ሲለሰልስ የጠፋው መረጃ በመደራረቡ ተመልሶ ይገኛል።

ሌላ ባልደረባችን ይህን ያውቅ ስለነበር ቶሎ ብሎ `welch(x, fs=1024)` ጻፈ። የወጣው ግራፍ እንዴት እንደሚያምር! ልስልስ ያለ መስመር፣ 100 ሄርዝ ላይ አንድ ጉልህ ጉብታ፣ ሌላ ምንም የለም። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ሄርዝ ነው። የሞተሩ ማግኔት ብረቱን በአንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚስብ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ንዝረት 100 ላይ ይታያል። ስለዚህ «ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ይፈታና ሽቦው በአዲስ ይጠምጠም» ተባለ። ይህ ብዙ ብር ነው፣ ፓምፑም ይቆማል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የመጀመሪያው ግራፍ ውሸቱን የሚናገረው እየተወዛወዘ ስለሆነ ቢያንስ ትጠራጠረዋለህ፣ ይህኛው ግን ረጋ ብሎ ነው የሚያሳስትህ። `welch` ያለበት የፓይተን ላይብረሪ፣ ሳይፓይ፣ ውስጥ የቁራጩ ርዝመት፣ ማለትም `nperseg`፣ ካልተሰጠ በራሱ 256 ይሆናል። 256 ናሙና በእኛ ፍጥነት ሩብ ሴኮንድ ብቻ ነው። ነጥቦቹ በ4 ሄርዝ ይራራቃሉ፤ 96፣ 100፣ 104። በመካከል ያለ ነገር ሁሉ አቅራቢያው ወዳለው ነጥብ ይፈስሳል። ቫሪያንሱ፣ ማለትም ውዝዋዜው፣ እጅግ ወርዷል፣ ከ500 በላይ ቁራጭ ነው የተመዘነው፤ ባያሱ፣ ማለትም አማካይ በመውሰድ የማይጠፋው ስህተት፣ ግን ጉብታውን የማይገባው ቦታ ላይ አስቀምጦታል።

ሞተሩ ደግሞ ሁለት ፖል ነው፣ በደቂቃ 2970 ጊዜ ነው የሚዞረው። በሴኮንድ 49.5 ማለት ነው። ሞተሩና ፓምፑ በካፕሊንግ ሲገናኙ መስመራቸው ካልተስተካከለ፣ ንዝረቱ ብዙውን ጊዜ በዙሩ ሁለት እጥፍ ላይ ይጎላል። ሁለት ጊዜ 49.5 ስንት ነው? 99። እንግዲህ ጥያቄው 99 ነው ወይስ 100 የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የ4 ሄርዝ ርቀት ያለው ግራፍ መልስ የለውም።

እኔ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምነሳው፣ መለየት የምፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ምን ያህል ይራራቃሉ ከሚለው። በሃን ዊንዶው ሁለት ጫፎች ተለይተው እንዲታዩ ርቀታቸው 2ን ለቁራጩ ርዝመት በሴኮንድ ሲያካፍሉት ከሚገኘው ማነስ የለበትም። ለሩብ ሴኮንድ 8 ሄርዝ፣ ለ4 ሴኮንድ ግማሽ ሄርዝ። እኛ 1 ሄርዝ መለየት ስለፈለግን 2 ሴኮንድ ጠርዝ ላይ ነው፣ 4 ሴኮንድ ግን በደንብ ይበቃል።

```python
from scipy.signal import welch
f, P = welch(x, fs=1024, window="hann",
             nperseg=4096, noverlap=2048)
```

በግማሽ ሲደራረቡ 31 ቁራጭ ይወጣል። ውዝዋዜው ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። እንደ ሁለተኛው ግራፍ አያምርም፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን 73 ላይ ምንም የለም፣ 99 ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ጫፍ አለ፣ 100 ላይ ደግሞ ከእሱ በጣም ያነሰ ሌላ። ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ሞተር ላይም የሚታየውን ያህል ብቻ ነው።

«16 ሴኮንድ ብናደርገውስ?» ብሎ ወጣቱ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ 7 ቁራጭ ብቻ ይቀራል፣ ውዝዋዜው ወደ 40 በመቶ ይመለሳል። በዚያ ላይ የሞተሩ ዙር ከጭነቱ ጋር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ 16 ሴኮንድ ሙሉ 49.5 ላይ አይቆምም። ቁራጩ ሲረዝም የ99ኙ ጫፍ ራሱ ይበተናል። ሒሳቡ በሙሉ የቆመው ሲግናሉ በቀረጻው ጊዜ ጠባዩን አይቀይርም በሚል ግምት ላይ ነው፤ ያ ሲፈርስ ተጨማሪ ርዝመት ምንም አይገዛልህም።

ከመፍታታችን በፊት ግን ኃላፊው ሌላ ማረጋገጫ ፈለጉ። ሴንሰሩ እየቀዳ ኃይል አቋረጡ። ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ንዝረት ማብሪያው ሲጠፋ ወዲያው ይሞታል። የእኛው ግን ዙሩ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ ቀስ እያለ ወረደ። ካፕሊንጉ ተፈታ፣ አላይመንቱ በዳያል ጌጅ ተለክቶ ተስተካከለ፣ ሞተሩም ሳይነካ ቀረ።

ከጥገናው በኋላ ድጋሚ ስንለካ `nperseg` ያው 4096 ነበር፣ ይህን ሆን ብለን ነው ያደረግነው። የእንዲህ ያለ ቀጭን ጫፍ ቁመት በዚህ ግራፍ ላይ ከቁራጩ ርዝመት ጋር አብሮ ስለሚጨምር፣ 4096ን 2048 ብታደርገው ማንም ቁልፍ ሳይነካ ጫፉ በግማሽ ያህል ዝቅ ይላል። የ99ኙ መውረድ ከካፕሊንጉ መሆኑን ያወቅነው ሁለቱም ግራፎች በአንድ ቅንብር ስለተሠሩ ነው።