አይብ የበላው ሒሳብ፦ ለትንሽ ሬስቶራንቴ ፖስ እንዴት እንደመረጥኩና እንዳስተካከልኩ

የመጀመሪያውን ፖስ፣ ማለትም ትዕዛዝና ሽያጭ የምንመዘግብበትን ሲስተም፣ የገዛሁት ስክሪኑ አምሮኝ ነው። ሻጩ «በርገር» የሚለውን ነካ፣ «ክፍያ» የሚለውን ነካ፣ ደረሰኙ ወጣ። ደቂቃም አልፈጀበት። ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር እኔ ቤት «በርገር» ብሎ ብቻ የሚያዝ ሰው አለመኖሩን ነው። አንዱ ሽንኩርት አይግባብኝ ይላል፣ ሌላው አይብ ጨምሩልኝ፣ ሌላው ሥጋው በደንብ ይብሰል።

ያ ሲስተም እንዲህ ላለው ነገር የነበረው አንድ የማስታወሻ ሳጥን ብቻ ነው። አስተናጋጁ «አይብ ጨምር» ብሎ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ኩሽና ይደርሳል፣ አይቡ ይጨመራል፣ ዋጋው ግን የለም። ማስታወሻ ጽሑፍ እንጂ ዕቃ አይደለማ። አይብ ከሽያጩ ቀድሞ እያለቀ ሲያስቸግረኝ የአንድ ቅዳሜ የኩሽና ወረቀቶችን ሰብስቤ ቆጠርኩ። ተጨማሪ አይብ የታዘዘው 34 ጊዜ ነበር፤ ያስከፈልነው 9 ጊዜ ብቻ። እነዚያንም ካሸሯ ትዝ ሲላት በእጇ ያስገባቻቸው ናቸው።

ሁለተኛውን ፖስ ስመርጥ ዲሞ ለማየት አልተቀመጥኩም። ከእነዚያው ወረቀቶች በጣም የተወሳሰቡትን 15 ትዕዛዞች መርጬ ለሦስት ሻጮች ሰጠሁና «እነዚህን ከነዋጋቸው አስገቡልኝ፣ ከዚያ የቀኑን መዝጊያ ሪፖርት አሳዩኝ» አልኳቸው። የአንደኛው ሻጭ ሲስተም አስተናጋጁ የሥጋውን አበሳሰል ሳይመርጥ እንዳያልፍ ማስገደድ አልቻለም። የሁለተኛው አስገደደ፤ ነገር ግን የአይቡን ዋጋ በበርገሩ ዋጋ ላይ ደምሮ አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ ስንት አይብ እንደተሸጠ ከሪፖርቱ ማወቅ አይቻልም። የሦስተኛው ለየብቻ አሳየኝ። እሱንም ቢሆን ከመክፈሌ በፊት የኢንተርኔቱን መስመር ነቅዬ ትዕዛዝ አስገባሁበት። ኩሽናው ፕሪንተር ወረቀቱን ሲያወጣ ነው የተስማማሁት።

ሻጮቹ ሞዲፋየር የሚሉት ከዕቃው ጋር የሚሄደውን ምርጫና ጭማሪ ነው። በቡድን በቡድን ይሠራል፤ ለእያንዳንዱም ቡድን ቢያንስ ስንት፣ ቢበዛ ስንት እንደሚመረጥ ትወስናላችሁ። የሥጋው አበሳሰል ቢያንስ 1 ቢበዛ 1 ነው፤ ሳይመረጥ ትዕዛዙ አይሄድም። ጭማሪ ከ0 እስከ 4 ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ዋጋ አለው። ማስቀረት ደግሞ ከ0 ጀምሮ የፈለጉትን ያህል፣ ያለ ዋጋ።

እዚህ ላይ ጉጉቴ ጎዳኝ። ማስገደድ መቻሉ ደስ ብሎኝ የሶሱንም ምርጫ፣ የዳቦውንም፣ ሁሉንም ግዴታ አደረግኩት። ሰው ሲበዛ አስተናጋጆቹ ስክሪኑን ለማለፍ ብቻ መጀመሪያ ያገኙትን መንካት ጀመሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ትዕዛዙ ሁሉ ካቻፕ ያለበት ሆነ፤ ወጥ ቤቱም ወረቀቱን ማመን ትቶ እየወጣ መጠየቅ ጀመረ። አሁን ግዴታ የማደርገው ካልተነገረው ወጥ ቤቱ ሥራ ሊጀምር የማይችለውን ብቻ ነው። ለአበሳሰሉም አስቀድሞ የተመረጠ መልስ አላስቀምጥለትም፤ ካስቀመጥኩ ማንም ሳያነበው ያልፋል።

አንድ ሌላ ስህተት ደግሞ ከቋንቋችን የመጣ ነው። የማስቀረቱን ምርጫ «ሽንኩርት የሌለበት» ብዬ ጻፍኩት። የኩሽናው ፕሪንተር ወረቀት 58 ሚሊሜትር ነው፣ ጠባብ። ፊደላችን ጎላ ብሎ ሲታተም መስመሩ አይበቃውም፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው «ሽንኩርት የ» ብቻ ሆነ። እንዲህ ሲጻፍ አሉታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተቆረጠውም እሱው ነው። ወጥ ቤቱ ሽንኩርቱን እጥፍ አድርጎ ላከው፤ ደንበኛውም መለሰው። «ያለ ሽንኩርት» ብዬ ለወጥኩት። እሱም አልሆነም፤ በጥድፊያ ሲነበብ «ሽንኩርት ያለው» ይመስላል። በመጨረሻ «አይግባ፦ ሽንኩርት» ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በሽንኩርት የተመለሰ ሳህን የለም። ፕሪንተር ስትገዙ ሜኑአችሁን በአማርኛ አሳትማችሁ እዩ፤ ፊደሉን ስለማያውቁት የጥያቄ ምልክት ደርድረው የሚያወጡም አሉ። በሙቀት የሚያትመው ዓይነት ከምድጃ አጠገብ ከዋለ ወረቀቱ ራሱ እንደሚጠቁርም እወቁት።

ወደ መዝጊያው ልምጣ። ሁለት ሪፖርት አለ። ኤክስ ሪፖርት በፈለጋችሁት ሰዓት የሚታይ ነው፣ ምንም አይዘጋም። ዜድ ሪፖርት ቀኑን ዘግቶ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምራል። እኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለምንዘጋ መጀመሪያ ላይ የአንዱ ምሽት ሽያጭ በሁለት ቀን ተከፋፍሎ ይመዘገብ ነበር። የሥራ ቀኑ መቁረጫ 04:00፣ ማለትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲሆን ሳደርገው ተስተካከለ።

ካሸሯ ሲስተሙ የሚጠብቀውን ሳታይ ገንዘቡን ቆጥራ ታስገባለች። ቁጥሩን አስቀድማ ካየችው ወደ እሱ ለመድረስ መቁጠሯ አይቀርም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያው ነኝ።

አንድ ምሽት እንዲህ ሆነ። ጠዋት ለመልስ 2,000 አስቀምጠናል። የጥሬ ገንዘብ ሽያጩ 14,350 ነው። ለአንድ ደንበኛ 250 ተመልሷል፤ ለበረዶ ከሳጥኑ 600 ወጥቷል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ መኖር ያለበት 15,500 ነበር። የተቆጠረው ግን 15,020፤ 480 ጎደለ። ካሸሯ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ወደ ካርዱ ሄድኩ። በፖሱ የካርድ ሽያጭ 9,350 ነው፤ የካርድ ማሽኑ ራሱ የዘጋው 9,830። እዚያ ደግሞ 480 ተርፏል። የተሰረቀ የለም፤ አንድ ደንበኛ በካርድ ከፍሎ «ጥሬ ገንዘብ» ተብሎ ተመዝግቧል። በ480 የተዘጋውን ቢል ፈልገን አገኘነውና የክፍያውን ዓይነት አስተካከልን። ይህን ሁሉ ያደረግነው ዜድ ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ እኛ ሲስተም ላይ የተዘጋ ቀን አይነካም፤ እርማቱ በማግሥቱ ነው የሚገባው። ስለዚህ መጀመሪያ ኤክስ አይቶ ማመሳከር፣ ዜድ መጨረሻ። የሚያሳስበኝ ጥሬ ገንዘቡ ጎድሎ ካርዱ ልክ የሆነ ለት ነው። ያኔ መጀመሪያ የማየው ከሳጥን ወጥቶ ያልተመዘገበ ወጪ ካለ ነው፤ ቀጥዬ የተሰረዙትን ትዕዛዞች።

ስረዛን በሁለት ከፍዬዋለሁ። ኩሽና ሳይላክ የተሰረዘ የጣት ስህተት ነው፣ ማንም ይሰርዘው። ከተላከ በኋላ ግን ምግቡ ተሠርቷል፤ ስለዚህ የኃላፊ ኮድና ምክንያት ይጠይቃል። ዜድ ላይ የማነበው ይህን ሁለተኛውን ነው፣ ከነስሙና ከነሰዓቱ።

የጭማሪዎቹን ሪፖርት በየሰኞው አወጣለሁ። የተሸጠውን በርገር ከተጨማሪው አይብ ጋር ደምሬ ከፍሪጅ ከወጣው ቁራጭ ጋር አስተያያለሁ። ባለፈው ሳምንት ልዩነቱ ሦስት ቁራጭ ነበር። ወጥ ቤቱን ጠየቅኩት፤ «እሱን እኔ በልቼዋለሁ» አለኝ።