ሁለት ኮከብ

ጋሼ ቤታቸውን አደራ ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ። «ከሰው ጋር አታጣላኝ» አሉኝ። እርሳቸው የሚኖሩት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቤቱ ያለው ገርጂ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትማ። ኤርቢኤንቢ በሚባለው የቤት ማከራያ ድረ ገጽ በአጭር ጊዜ የሚያከራዩት በራሳቸው ስም ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሆኜ እንግዳ የምቀበለው፣ ቤቱን የማስጸዳውና መልእክት የምመልሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ገቡ። እናቲቱ እዚህ ተወልዳ ውጭ ያደገች ናት፤ ልጆቿን አያቶቻቸውን ልታሳይ ነው የመጣችው። አምስት ሌሊት አድረው እሑድ ወጡ። ስናስረክብና ስንረከብ ተጨባብጠን ተለያየን፤ ቅር የተሰኘች መሆኗን ባውቅም የከፋ ነገር አልጠበቅሁም። ከሳምንት በኋላ አስተያየቷ ወጣ፤ ሁለት ኮከብ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «ሁለት ቀን ውኃ አልነበረም። ልጆቼን ማጠብ አልቻልኩም። አስተናጋጁ ታገሡ ከማለት በቀር ምንም አላደረገም። ሌሊት በድምፅ ማጉያ እንቅልፍ አጥተናል። ቤቱም እንደ ፎቶው አይደለም።»

ያን ሌሊት ተቀምጬ ረጅም መልስ ጻፍኩ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው በእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን በከተማው ሁሉ እንደሆነ፣ ሁለት ቀን ሳይሆን አርባ ሰዓት መሆኑን፣ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ እንደሰጠኋት፣ ልጆቹ የሳሎኑን ምንጣፍ ጭማቂ እንዳፈሰሱበት ሳይቀር ዘረዘርኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ነገር ግን አልላክሁትም፤ ምክንያቱም በዚያ ድረ ገጽ አስተናጋጅ ለአስተያየት በይፋ የሚመልሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያም ሠላሳ ቀን ጊዜ አለው። ሠላሳ ቀን እያለ በአንድ ሌሊት መቸኮል ምን ይባላል ብዬ ስልኩን ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ገንዘቧን መልስላትና አስተያየቱን ታጥፋው» አሉኝ። ድንጋጤያቸው ገባኝ። እስከዚያ ቀን አሥራ አንድ አስተያየት ነበረን፤ አሥሩ ባለ አምስት ኮከብ፣ አንዱ ባለ አራት። አማካዩ 4.9 ነበር። ይህ ባለ ሁለት ኮከብ ሲገባበት ወደ 4.67 ወረደ። ድረ ገጹ ለምርጥ አስተናጋጆች የሚሰጠውን ሱፐር ሆስት የሚል ማዕረግ ለማግኘት የሚያስፈልገው 4.8 ነው፤ ወደዚያ ለመመለስ ስምንት ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት በተከታታይ ማግኘት ነበረብን። እንደዚህ ቁጭ ብዬ ስደምረው እኔም ሆዴ ባባ።

ግን የጋሼ ሐሳብ አይሠራም ነበር። አስተያየቱ አንዴ ከወጣ በኋላ እንግዳዋ ራሷ ብትፈልግ እንኳ ልትለውጠው አትችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ ሰጥቶ አስተያየት ማስለወጥ የተከለከለ ነው። «ጋሼ፣ ገንዘብ የምንመልስላት ከሆነ ስለሚገባት እንመልስላት እንጂ ዝም እንድትል አይሁን» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ መጀመሪያ እውነቱን አጣራ» አሉኝ።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁና የጻፈችውን በዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ለያየሁት። ውኃ፣ መልስ፣ ድምፅ፣ ፎቶ። እያንዳንዱን ከማስረጃ ጋር ላስተያይ ወሰንኩ፤ ከትዝታዬ ጋር ሳይሆን ከስልኬ መልእክት፣ ከጥበቃው መዝገብና ቤቱን ከምታጸዳው እህታችን ጋር።

ከውኃው ልጀምር። ሕንፃው ውኃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ውኃው ምድር ቤት ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገባና በፓምፕ ወደ ጣሪያው ታንከር ይወጣል፤ ከጣሪያው ወደየቤቱ ይወርዳል። የጣሪያው ሲያልቅ ደግሞ የእኛ ቤት በልብስ ማጠቢያው በረንዳ ላይ ያለ 500 ሊትር የሚይዝ መጠባበቂያ ታንከር አለው። በዚያ ሳምንት ፈረቃው ተዘለለ። የጥበቃው መዝገብ እንደሚለው የጣሪያው ታንከር ረቡዕ ምሽት ባዶ ሆነ። ታዲያ የእኛ 500 ሊትር የት ገባ? አራት ሰው ቆጥቦ ቢጠቀም፣ ሻወርና መጸዳጃ ተደምሮ፣ በነፍስ ወከፍ በቀን ስልሳ ሊትር ቢሆን ለሁለት ቀን ይበቃ ነበር። እነርሱ ግን ሐሙስ ምሽት ላይ ደርቆባቸዋል።

ቤቱን የምታጸዳውን እህታችንን ጠየቅኋት። አላስተባበለችም። «እውነቱን ልንገርህ፣ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ፈሰሰ። ሲፈስ ሙሉ ነው ብዬ ነው እንጂ ታንከሩን አላየሁትም» አለች። አብረን ወደ በረንዳው ወጣን። በታንከሩ ጎን ላይ ከታች እስከ ላይ የተዘረጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ አለ፤ ውስጡ ያለው ውኃ የት እንደደረሰ የሚያሳየው እርሱ ነው። ጎማው በአቧራና በዝቃጭ ከመጥቆሩ የተነሣ ምንም አይታይበትም። በጨርቅ ወለወልኩት። ከቤተሰቡ ቀደም ብለው የነበሩት እንግዶች ግማሹን ተጠቅመውበት ነበር፤ ቤተሰቡ ሲገባ ታንከሩ ውስጥ የነበረው 250 ሊትር ነው። ለአንድ ቀን የሚበቃ ውኃ። የጽዳት ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፎጣና ሳሙና እንኳ ተቆጥሯል፤ ታንከር የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

ቀጥዬ መልእክቶቹን ከፈትኩ። ሐሙስ ከምሽቱ 1:40 ላይ «ውኃ የለም፤ ምን እናድርግ?» ብላለች። 1:52 ላይ የመለስኩት ይህ ነው፦ «ሰላም። በአካባቢው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ነገ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ይህን ሌላ ሰው እንደጻፈው አድርጌ ሳነበው አፈርኩ። «ምን እናድርግ?» ብላ ጠይቃለች፤ ምን እንደምታደርግ የሚል አንድ ቃል የለበትም። ዓርብ ጠዋት ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ወሰድኩላቸው። አርባ ሊትር ለአራት ሰው ማለት መጸዳጃ ቤቱን ጥቂት ጊዜ ማውረድ ነው፤ ልጅ አያጥብም። የውኃ ቦቴ የጠራሁት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ። ሐሙስ ማታ ብደውል ኖሮ ዓርብ ይደርስ ነበር። በፍጥነት መለስኩ ብዬ የተከራከርኩበት ነገር እርሷ «ምንም አላደረገም» ያለችው ራሱ ነበር።

ድምፁ የአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለእኛ የሌሊት ቅዳሴ የሰፈሩ አካል ነው፤ ተኝተን እንሰማዋለን። ከውጭ ለመጣ ሰው ግን በማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር አልጻፍንም። ፎቶው ደግሞ ከበረንዳው ወደ ተራራው የሚያሳየው ነው፤ የተነሣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሁን ፊት ለፊት አዲስ ሕንፃ ቆሟል። በየቀኑ ስለማየው ልብ አላልኩትም።

ያን ቀን መልሱን መጻፍ እችል ነበር። «1000 ሊትር ታንከር እንጨምራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አስቤ ነበር፤ ያምራል። ደግነቱ መጀመሪያ የሕንፃውን መሐንዲስ ጠየቅሁ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «1000 ሊትር አንድ ቶን ነው። በዚያ በረንዳ ላይ አይሆንም» አለኝ። ቀድሞ ያለው 500 ሊትር ባለበት ይቆይና 300 ሊትር የሚይዝ ሌላ ታንከር ከኩሽናው ጎን ባለው ዕቃ ቤት፣ ከሁለቱ ግድግዳ ጥግ ይቀመጥ ተባለ። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለቱን አገናኝቶ፣ የሚታየውን ጎማ በአዲስ ቀይሮ እስኪጨርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአራት ሰው 800 ሊትር ከሦስት ቀን ትንሽ በላይ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ግን ከታንከሩ ውኃ የምትገፋው ትንሿ ፓምፕ ስለማትሠራ ሻወር አይሠራም፤ ከታንከሩ በባልዲ መቅዳት ነው። ይህንንም በማስታወቂያው ላይ ጻፍነው። ቸኩዬ 1000 ሊትር ብዬ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ እንግዳ በበረንዳው ላይ ፈልጎ ያጣው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሚከተለውን ላክሁ።

«ያጋጠመዎትን ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከሐሙስ ምሽት እስከ ቅዳሜ ረፋድ ውኃ አልነበረም፤ ልጆች ይዘው ይህን በማሳለፍዎ ከልብ እናዝናለን። መጠባበቂያ ታንከሩን ሳንሞላ ነው ቤቱን ያስረከብንዎት፤ ቦቴም መጥራት የነበረብን ሐሙስ ማታውኑ ነበር። አሁን 300 ሊትር የሚይዝ ሁለተኛ ታንከር ተጨምሯል፤ ሁለቱም እንግዳ ከመግባቱ በፊት ታይተው ይሞላሉ። የበረንዳው ፎቶ ተቀይሯል። ከአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ቅዳሴ እንደሚሰማም በማስታወቂያው ላይ ገልጸናል።»

ስለ ምንጣፉ አንድም ቃል የለበትም። ስለ ከተማው ፈረቃም የለበትም፤ በቤቱ ገለጻ ላይ በግልጽ ስለሰፈረ ቦታው እዚያ ነው። መልሱን ስጽፍ የማስበው ስለ እርሷ ብቻ አልነበረም። እርሷ ወደ ቤቷ ገብታለች። የሚያነበው በሚቀጥለው ወር ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው፤ እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን ሲገባ ውኃ ይኖር እንደሆነ ነው።

ጋሼ ሲያነቡት «ጥፋታችንን በአደባባይ ጻፍከው» አሉ። «ጋሼ፣ እርሷ ቀድማ ጽፋዋለች፤ እኔ የጨመርኩት የተደረገውን ነው» አልኳቸው። የሁለት ሌሊት ኪራይ እንዲመለስላት ተስማማን። ለብቻዋ በላክሁላት መልእክት ስለ አስተያየቱ ምንም አላነሣሁም፤ ውኃ ያልነበረባቸው ሌሊቶች ሁለት ናቸው፣ የሁለቱ ክፍያ ይኸው አልኳት። «ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች፤ ሌላ የለም።

ሁለቱ ኮከብ እስካሁን እዚያው ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር ለመምጣት ፈልጋ ጻፈችልኝ። «ስለ ውኃው የተጻፈውንም መልሳችሁንም አንብቤያለሁ። ሁለተኛውን ታንከር በፎቶ ልታሳየኝ ትችላለህ?» አለች። ዕቃ ቤቱን ከፈትኩና መብራት አብርቼ ታንከሩን ፎቶ አነሣሁት፤ ጎማው ላይ ያለው ውኃ እስከ ላይ መድረሱ እንዲታይ ጠጋ ብዬ ሌላም ጨመርኩ። ከሰዓት በኋላ ለስድስት ሌሊት ያዘችው።