ሪላክሰር ያቆምኩት ሥራ ሳላቆም ነው

ከርዳዳ ፀጉርን ቀጥ የሚያደርገውን ኬሚካል፣ ሪላክሰርን፣ ላቆም ስወስን ያሳሰበኝ ፀጉሬ ሳይሆን ቢሮው ነበር። የምሠራው ደንበኛ ፊት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ስለ ፀጉር «ንጹህና ሥርዓት ያለው ይሁን» ይላል፤ አለቀ። ሥርዓት ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ባልተጻፈበት ቦታ ደግሞ ሁሉም ዓይኑ የለመደውን ይሞላበታል። የተለመደው ሉጫ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከሪላክሰር አሠራር ነው። ፒኤቹ ከ12 እስከ 14 የሚደርስ ኃይለኛ ነገር ነው። ለፀጉር ቅርጽ የሚሰጡትን የሰልፈር ትስስሮች ይሰብራል፤ አንዴ የተሰበረ አይመለስም። ፔስትራ ከዚህ ይለያል። ሙቀቱ ካልበዛ በስተቀር የሚፈታው ደካማውን ትስስር ነው፣ ውሃ ሲነካው ፀጉሩ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ሪላክሰር የነካው ግን ያለው አማራጭ ማደግና መቆረጥ ነው። ፀጉር ደግሞ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆርጠው የሚገላገሉ አሉ። እኔ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከሥሩ ከርዳዳ፣ ከጫፉ ሉጫ ይዤ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጣም ደካማ ነው። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር አንድ በአንድ እያነሳሁ አይ ነበር። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ካለው ከነሥሩ የረገፈ ነው፣ ጤነኛ ሰውም በየቀኑ ይረግፍበታል። ነጥብ የሌለው አጭር ቁራጭ ከሆነ ግን ተሰብሯል ማለት ነው። ቁራጩ ሲበዛ በደረቁ ማበጠር ተውኩ። ኮንዲሽነር እንደተቀባ፣ በጣቴ፣ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር እየወጣሁ እፈታለሁ። ጠዋት ጠዋት በፔስትራ ሥሩን ከጫፉ ጋር ማመሳሰሉንም ተውኩት፤ ሙቀቱ የሚያርፈው እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። ማታ ጠቅለል ጠቅለል አድርጌ አስሬ አድራለሁ፣ ጠዋት ስፈታው ጫፉም ጥቅልል ይልና ልዩነቱ ብዙ አይታይም። ሹሩባም ረድቶኛል፣ ግን ጠበቅ ብሎ ከተሠራ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ይነቅላል። ከተሠራሽ በኋላ ራስሽን ካመመሽ ወይም ግንባርሽ ላይ ብጉር መሰል ነገር ከወጣ፣ ላልቶ ይሠራ።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝ። «ምነው ፀጉርሽ እንዲህ ጨብረር አለ? እንደ ድሮው አድርጊው እንጂ» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። ግን እንደ ድሮው ማድረግ ማለት በየሁለት ወሩ ገደማ ለአዲሱ እድገት ኬሚካል መቀባት ማለት ነው። ሉጫ ሆና ለተወለደችው ባልደረባዬ «እንደ ራስሽ ሁኚ» ማለት ነው፤ ለኔ «ሌላ ሁኚ» ማለት ነው። «ሥራዬን የሚነካ ነገር ካለ ይንገሩኝና ላስተካክል» አልኳቸው። ዝም አሉ።

ለሰው ኃይል ክፍል ኢሜይል ጻፍኩ። ስለራሴ ፀጉር ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ደንቡ ለሁሉም ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩ። ሐሳብም ጨመርኩ፦ ታጥቦ ንጹህ ይሁን፣ ዓይንና ፊት አይሸፍን፣ ሥራ ላይ አይውደቅ። ሦስቱም በዓይን ይታያሉ፣ ወንድ ሴት አይሉም። ተቀበሉ። ግን አራተኛ ጨመሩ፦ «መጠኑ ያልገዘፈ»።

ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነበር። ሉጫ ፀጉር ሲያድግ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከርዳዳው ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳል። ርዝመት ሳይገደብ ግዝፈት ብቻ ከተገደበ፣ ወገቧ ድረስ የለቀቀችው ታልፋለች፣ ጎፈሬ ያላት ትያዛለች። ይህንኑ ጽፌ መለስኩላቸው። ወረቀቱ ላይ የፀጉር ርዝመትም ተገድቦ እንደሆነ ጠየቅኩ። አልተገደበም። ከብዙ ምልልስ በኋላ አራተኛዋ ወጣች።

አንዳንድ አገር ይህን ክርክር ሕግ ጨርሶታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 የፀጉር ጠባይን፣ ሹሩባንና ድሬድን በስማቸው ጠርታ ከአድልዎ ከልላለች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ እዚያው አገር አንድ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድሬድ ሊቀየር የሚችል አሠራር ነው ብሎ ለአሠሪው ፈርዶ ነበር። የአለቃዬም ሐሳብ ያው ነበር፤ ይቀየራላ!

ደንቡ ተስተካከለ እንጂ ዓይን አልተስተካከለም። ደንበኛ አሁንም «ዛሬ ሳትበጠሪ መጣሽ?» ይለኛል። ለቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚመጡት ልጆችም አብዛኞቹ በፔስትራ ቀጥ አድርገውት ነው የሚገቡት። አልፈርድባቸውም፤ የኛ ደንብ የሚሰጣቸው ከተቀጠሩ በኋላ ነው።