ሐሙስና አምስት፦ የቃላትን ዝምድና በደብተር እንዴት እንደፈተሽሁ

ሐሙስና አምስት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሐሙስ ከእሑድ ሲቆጠር አምስተኛው ቀን ነው፤ የግዕዙ ቁጥር ደግሞ «ኀምስ» ይባላል። አንዱ ቃል መነሻ ድምፁን ይዞ ቆየ፣ ሌላው ጣለው። ሁለቱም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዘመድ ቋንቋዎች ለምን ብዙ ቃላት እንደሚጋሩ፣ በዘመናት ውስጥም እንዴት እንደሚራራቁ ለማወቅ ስነሣ ይህን ጥንድ መነሻዬ አደረግሁት፤ የተከተልሁትን መንገድም እንደሠራሁት እጽፈዋለሁ።

በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚያነሡት ጥያቄ «ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ዓይነት ከተነበቡ ለምን ሦስት ሆኑ?» የሚል ነው። «ከግዕዝ ስለወረስናቸው ነው» ማለት በቂ መልስ አልመሰለኝም። ስለዚህ አንድ ደብተር በአራት ዓምድ ከፈልሁ፤ አማርኛ፣ ግዕዝ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛ።

የመጀመሪያው ሥራ ቃላትን መምረጥ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ቤተ ክርስቲያን»ን፣ «መንግሥት»ን ወይም «ሱቅ»ን ማወዳደር ስለ ዝምድና የሚነግረን ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያሉ ቃላት ከሃይማኖት፣ ከአስተዳደርና ከንግድ ጋር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራሉና። «ሱቅ» ከዐረብኛ መጣ ማለት አማርኛና ዐረብኛ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም። ዘመድ መሆናቸው የሚታየው በሌሎች ቃላት ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሞሪስ ስዋዴሽ ለዚህ ሥራ የ100 ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር፤ የአካል ክፍሎች፣ ውሃና እሳት፣ መብላትና መስማት፣ መምጣትና መሞት የመሳሰሉት። እኔም ዝርዝሬን ከእንደዚህ ዓይነት ቃላት ሠራሁ፤ ጥቂት ቁጥሮችና የእርሻ ቃላትም ጨመርሁበት።

ለግዕዙ ዓምድ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ተጠቀምሁ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ቃላቱን የሚደረድረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ስለሆነ፣ ተራውን በቃል ያልያዘ ሰው ገጽ ሲገልጥ ይውላል። ለትግርኛው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እያንዳንዱን ቃል ደጋግማ አሰማችኝ። ለዐረብኛው ደግሞ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወርጄ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ሼህ ጠየቅሁ። «አምስት በዐረብኛ ምንድን ነው፣ ሼህ?» ስላቸው «ኸምሳ» አሉኝ፤ ድምፁን ከጉሮሮ ላንቃ ላይ እያሻከሩ። «አዲስስ?» ስላቸው «ሐዲስ» አሉ፤ ይህኛው ግን ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጣ፣ የማይሻከር ድምፅ ነበር። የተማሪዎቼ ጥያቄ ግማሽ መልሱን ያገኘው እዚያ ነው። በግዕዝ አምስት በ«ኀ»፣ አዲስ በ«ሐ» ይጻፋል፤ በዐረብኛም ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሆነው ይነገራሉ። ፊደላችን የለያቸው ድምፆቹ በእርግጥ የተለያዩ ስለነበሩ ነው።

ዓምዶቹ እየሞሉ ሲሄዱ መመሳሰሉ ራሱ ትኩረቴን መሳቡን ተወና ልዩነቱ ይስበኝ ጀመር። ግዕዝ ሰምዐ፣ ትግርኛ ሰምዐ፣ አማርኛ ሰማ። በልዐ፣ በልዐ፣ በላ። መጽአ፣ መጽአ፣ መጣ። ጸሐፈ፣ ጸሓፈ፣ ጻፈ። ሐረሰ፣ ሓረሰ፣ አረሰ። ኀለፈ፣ ሓለፈ፣ አለፈ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን የጣለው በአንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የየዕለት ንግግር ቃል እስከሆነ ድረስ በሥርዓት ጥሏቸዋል። ሲጥላቸውም ምልክት ትቷል፤ ድምፁ በነበረበት ቦታ «አ» የሚለው አናባቢ ቀርቷል። «ሰማ» እና «በላ» በራብዕ የሚያልቁት፣ «ጻፈ» በራብዕ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። የዝምድና ማስረጃ የምለውም ይህንን ነው። ሁለት ቃላት በአጋጣሚ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ግን በብዙ ቃላት ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተደጋገመ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሐሙስ ለምን «አሙስ» አልሆነም? ሐዲስ ኪዳን እያልን ለምን አዲስ ዓመት እንላለን? መድኃኒት የሚለው ቃል ኃ እያለው፣ ዳነ የሚለው ለምን የለውም? በሰዋስው ኃላፊ ጊዜ እያልን መንገደኛውን ለምን አላፊ አግዳሚ እንላለን? ሰሞነ ሕማማት ሲገባ የምንጠራው «ሕ» «አመመኝ» ስንል የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ንባብ ወዳስተማሩኝ የኔታ ሄድሁ። ጥንዶቹን አንድ በአንድ ሰምተው «ልጄ፣ አንዱ የቤተ ልሔም ነው፣ ሌላው የማጀት» አሉኝ። ነገሩ በትክክል ይኸው ነው። አለፈ፣ አዲስ፣ ዳነ፣ አመመ ከእናት ወደ ልጅ በአፍ የወረዱ ናቸው፤ የጉሮሮው ድምፅ ሲጠፋ አብረው ተለወጡ። ሐዲስ ኪዳን፣ መድኃኔዓለም፣ ሕማማት ግን በመጽሐፍና በቅዳሴ ከግዕዝ የገቡ ናቸው፤ ንባብ ጠብቋቸዋል። ስለዚህ አማርኛ ከግዕዝ ጋር ቃላት የሚጋራው በሁለት መንገድ ነው፤ በጋራ ውርስና በውሰት። ደብተሬ ላይ አምስተኛ ዓምድ ጨምሬ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት «ው» ወይም «ስ» ማለት ጀመርሁ፤ ውርስ ወይም ውሰት ለማለት። ጥበቃው ፍጹም አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል። በአካባቢያችን ብዙ እናቶች «መዳኒት» ይላሉ፤ የተዋሰው ቃልም በጊዜ ብዛት የአገሩን መንገድ ይይዛል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን «አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው» እየተባልን አድገናል። በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አመዳደብ ላይ በ1972 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ያወጣው ሮበርት ሄትዝሮን ግዕዝን ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ክፍል፣ አማርኛን ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡቡ ክፍል መድቧል። በዚህ አመዳደብ ግዕዝ ለአማርኛ እናት ሳይሆን የእናት እኅት ነው ማለት ይቻላል። እኔ ይህን እቀበላለሁ፤ ውሰቱን ከውርሱ ከለየሁ በኋላ የሚቀረው መመሳሰል ለእናትና ልጅ የሚያንስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአማርኛ የቅርብ እኅት አርጎብኛ ናት፤ በአልዩ አምባ ዙሪያ ግን አርጎባው ራሱ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። አርጎብኛ አማርኛ የጣለውን «ሀ» በአንዳንድ ቃላት ጠብቃ ስለቆየች፣ መጥፋቷ ለዚህ ጥናት ከባድ ጉዳት ነው።

ሁለተኛውን ለውጥ ያገኘሁት በሌላ በኩል ነው። ትግርኛ ከፋቲ፣ አማርኛ ከፋች። ወላዲ፣ ወላጅ። ለማኒ፣ ለማኝ። ኣዛዚ፣ አዛዥ። ከፋሊ፣ ከፋይ። የመጨረሻው «ኢ» ምላስን ወደ ላንቃ ስለሚስብ፣ በምላስ ጫፍ የሚፈጠሩትን ድምፆች ለውጧቸው ራሱ ጠፋ፤ ት ወደ ች፣ ድ ወደ ጅ፣ ን ወደ ኝ፣ ዝ ወደ ዥ፣ ል ወደ ይ። ይህን ማንኛውም አንባቢ ቤቱ ተቀምጦ ሊፈትነው ይችላል። ድርጊት ፈጻሚውን የሚሰይም ቃል ይውሰድና ከ«ኢ» በፊት ያለውን ድምፅ ይመልከት። በከንፈር ወይም በምላስ ሥር ከሆነ አይለወጥም፣ «ኢ»ውም በቦታው ይቆያል፤ ለቃሚ፣ ገንቢ፣ ሰባኪ፣ ጠባቂ፣ ፈላጊ። «ር» ደግሞ በምላስ ጫፍ ብትፈጠርም ትጸናለች፤ ነጋሪ። እጅም በዚሁ መንገድ የሄደ ይመስላል፤ ትግርኛው «ኢድ» ይላልና። ልዩነቱን በአንድ ጸሎት ውስጥ መስማት ይቻላል፤ ወላዲተ አምላክን የሚለምነው ወላጅ ሁለቱንም ቅርጾች በአንድ ትንፋሽ ይጠራል።

ሁሉም ለውጥ ግን እንዲህ ሥርዓታዊ አይደለም። ግዕዝ ኵሉ፣ ኮነ ያለውን አማርኛ ሁሉ፣ ሆነ ይላል። በቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት «ኹሉ»፣ «ኾነ»፣ «ኹለት» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን፤ ድምፁ ከ«ከ» ወደ «ሀ» ሲጓዝ በመንገድ ላይ የተያዘበት ነው። ሆኖም ከፈተ፣ ከበረ፣ ከፈለ «ከ»ን አልለቀቁም። እንዲህ ያለው ለውጥ አዘውትረው በሚነገሩ ጥቂት ቃላት ላይ የተወሰነ ስለሆነ ለዝምድና ማስረጃነት ያለው ክብደት ያነሰ ነው። ከዚህም የባሰ ባዶ የሚተው አለ። ግዕዝ ከልብ፣ ትግርኛ ከልቢ፣ ዐረብኛ ከልብ ሲሉ አማርኛ ውሻ ይላል፤ ቃሉ የመጣው ከኩሻዊ ቋንቋዎች እንደሆነ ይታመናል። ከመሠረታዊ ቃላትም መካከል በጎረቤት ቃል የሚተካ አለና ዝርዝሩ ሰፊ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን የያዘኝ ጥያቄ የሁለቱ ለውጦች ቅደም ተከተል ነው፤ የጉሮሮ ድምፆቹ መጀመሪያ ጠፉ ወይስ «ኢ» መጀመሪያ ድምፆችን ለወጠ? መያዣ የሚሆነው «መጪ» ነው። በግዕዝ መጻኢ ይባላል፤ በጽሑፍ አማርኛም «መጻኢ ዕድል» እንላለን። በመጻኢ ውስጥ ከ«ጽ» እና ከ«ኢ» መካከል የጉሮሮ ድምፅና አናባቢ አሉ። እነርሱ በመሃል ቆመው ሳለ «ኢ» ጽን ወይም ጥን ወደ ጭ ሊስብ አይችልም። ስለዚህ መጪ እና ወጪ የሚሉት ቅርጾች የጉሮሮው ድምፅ ከጠፋ በኋላ የላንቃው ለውጥ ገና ሕያው እንደነበረ የሚጠቁሙ ናቸው። አንድ ጥርጣሬ ግን ይቀራል፤ ተናጋሪዎች መጪን ከጥንቱ ቃል ሳይወርሱ «መጣ» ከሚለው በኋላ ዘመን አዲስ አበጅተውት ሊሆን ይችላል፤ ሸጠ ካለ ሻጭ እንደሚል ሁሉ። ይህን ለመለየት ግሱ ራሱ የጠፋ፣ ስሙ ብቻ ደርቆ የቀረ የጥንት ቃል ያስፈልጋል፤ በመልሶ ማበጀት ሊሠራ አይችልምና። በ14ኛው መቶ ዘመን ከዐፄ አምደ ጽዮን መንግሥት ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙት የአማርኛ ውዳሴዎች ከእጃችን ያሉ እጅግ የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ስለሆኑ፣ ፍለጋውን በእነርሱ ውስጥ ጀምሬያለሁ፤ የገልባጮችን አጻጻፍ ከገጣሚዎቹ ድምፅ መለየት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኛል።