አስትሮሳይት ቀድሞ ሲሞት

በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ከነርቭ ሴሎች ጎን ስለሚኖሩት ግሊያ ሴሎች ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚባለው "ነርቭ ሴሎችን ይደግፋሉ" ነው። ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚጎድለው ለማሳየት ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካን (በአጭሩ ኤንኤምኦን) የሚያህል በሽታ አላውቅም። ታማሚው ዓይኑ ይጋረዳል፣ እግሩ ይዝላል፣ ሽንቱ እምቢ ይለዋል። የሰውነት መከላከያው ግን በቀጥታ የሚያጠቃው ነርቭ ሴሉን አይደለም። የነርቭ ሴሉን ክር የሚጠቀልለውን ማይሊን ወይም ማይሊን ሠሪውን ኦሊጎዴንድሮሳይትም አይደለም። መጀመሪያ የሚመታው ከግሊያ ሴሎች አንዱ የሆነው አስትሮሳይት ነው፤ የቀረው ጥፋት ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል። ዛሬ ይህንን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ፈለግሁ።

አስትሮሳይት ቅርንጫፎቹን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይዘረጋል። በአንድ ወገን ጫፎቹ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ደም ስሮችን ዙሪያቸውን ይለብጣሉ። በእነዚህ ጫፎች ላይ አኳፖሪን 4 የተባለ የውኃ መተላለፊያ ፕሮቲን እንደ ንጣፍ ተጠጋግቶ ተደርድሯል። በሌላው ወገን ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ነርቭ ሴሎች የሚገናኙባቸውን ቦታዎች ከበው ይቀመጣሉ። እዚያ ዋናው ሥራው ነርቭ ሴሎች መልእክት ለማስተላለፍ የሚለቁትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል መሰብሰብ ነው። ነርቭ ሴል መልእክት ሲያስተላልፍ በመገናኛው ክፍተት የግሉታሜቱ መጠን ለቅጽበት 1 ሚሊሞላር ገደማ ይደርሳል፤ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ካልተነሳ መርዝ ይሆናል። አስትሮሳይት አንዱን ግሉታሜት ለማስገባት ሦስት የሶዲየም አዮኖች አብረውት እንዲገቡ ያደርጋል፣ ከዚያ ግሉታሚን ወደሚባል ጉዳት የማያመጣ መልክ ለውጦ ለነርቭ ሴሉ መልሶ ይሰጠዋል። ነርቭ ሴሉም ያንኑ ለቀጣዩ መልእክት ይጠቀምበታል። ይህ ዑደት ከተቋረጠ መልእክቱም ይቆማል፣ መርዙም ይከማቻል። "ድጋፍ" የሚለው ቃል የሚጠበኝ እዚህ ላይ ነው።

በኤንኤምኦ ሰውነት በአኳፖሪን 4 ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። አንቲቦዲው በታማሚዎች ደም ውስጥ የታወቀው በ2004 ነው፤ ዒላማው አኳፖሪን 4 መሆኑ ደግሞ በዓመቱ ተረጋገጠ። የፕሮቲኖቹ መጠጋጋት ነገሩን ያባብሰዋል። አንቲቦዲዎቹ ጎን ለጎን ስለሚያርፉ ኮምፕሊመንት የተባለው የደም ፕሮቲኖች ሰንሰለት በቀላሉ ይቀሰቀሳል፣ መጨረሻው ላይ የሴሉን ግድግዳ ይበሳል፣ አስትሮሳይቱም ይሞታል። ከተጎዳው ቦታ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ በደም ስሮቹ ዙሪያ የኮምፕሊመንት ክምችት ይገኛል። አኳፖሪን 4 ጠፍቷል፤ ጂኤፍኤፒ የተባለው የአስትሮሳይት መለያ ፕሮቲንም ጠፍቷል። ጉዳቱ ትኩስ በሆነበት ቦታ ማይሊኑ ገና በአንጻራዊ ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ማን ቀድሞ እንደሞተ የሚናገረው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ቀጥሎ የሚወድቀው ኦሊጎዴንድሮሳይት አኳፖሪን 4 የለውም፤ አንቲቦዲው አያውቀውም። የሚሞተው በጉርብትና ነው። ግሉታሜት የሚሰበስብለት ስለሌለ በዙሪያው ይከማቻል፤ ኦሊጎዴንድሮሳይት ደግሞ የግሉታሜት ተቀባዮች ስላሉት ካልሲየም ከመጠን በላይ ይገባበታል። ከአስትሮሳይት ጋር በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተያያዘ ስለነበር ፖታሲየም የሚያስወጣበት መንገድም ይቆረጣል። በአቅራቢያው የተቀሰቀሰው ኮምፕሊመንትም ሊደርስበት ይችላል። አንድ ኦሊጎዴንድሮሳይት አክሰን የሚባሉትን የነርቭ ሴል ክሮች በደርዘኖች የሚቆጠሩ ክፍሎች በማይሊን ስለሚጠቀልል የአንዱ ሞት ብዙ መስመር ያራቁታል። የተራቆተው አክሰን መልእክቱ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ኦሊጎዴንድሮሳይት ለአክሰኑ ላክቴት እያቀበለ ጉልበት ይሰጠው ስለነበር ውሎ አድሮ አክሰኑ ራሱ ሊበጠስ ይችላል። ታማሚው ማየት የሚያቅተው ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ የሚሳነው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ሌላው የግሊያ ሴል፣ ማይክሮግሊያ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የዘር ሐረጉ እንኳ የተለየ ነው፤ በፅንስነት ጊዜ ዮክ ሳክ ከሚባለው የፅንሱ ከረጢት ተነስቶ ወደ አንጎል የገባ የመከላከያ ሴል ነው። በጤናማ አንጎል ውስጥ ቀጫጭን እጆቹን ያለማቋረጥ እያንቀሳቀሰ አካባቢውን ይፈትሻል። በሕይወት ባለ አይጥ አንጎል ላይ በሌዘር ትንሽ ቁስል ሲፈጠር በዙሪያው ያሉት ማይክሮግሊያዎች በደቂቃዎች ውስጥ እጆቻቸውን ወደዚያ ዘርግተው ቦታውን ይከባሉ፤ የሚጠራቸው ከተጎዱት ሴሎች የሚፈሰው ኤቲፒ የተባለ የጉልበት ኬሚካል ነው። በኤንኤምኦ ቁስልም የሞተውን አስትሮሳይትና የማይሊን ፍርስራሽ ይውጣሉ። ፍርስራሹ ካልተነሳ አዲስ ማይሊን የሚሠሩት ለጋ ሴሎች አይበስሉም። የማይክሮግሊያ ቁጣ ከልክ ሲያልፍ ግን የሚለቃቸው ኬሚካሎች የተረፈውን ሴል ይጎዳሉ። ስለዚህ ማይክሮግሊያን ሙሉ በሙሉ ማፈን መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ይህ በአልጋው ዳር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከሚታየው አካሄድ አንዱን ልውሰድ። በሽታው በሴቶች ላይ በእጅጉ ስለሚበዛ ታማሚዋ ሴት ትሁን። ለሳምንት ያህል ስቅታና ማስመለስ አልቆም ይላታል፣ ጨጓራዋ ተመርምሮ ምንም አይገኝም። ምክንያቱ በአንጎል ግንድ ጀርባ ያለው የማስመለስ ማዕከል ነው፤ እዚያ አኳፖሪን 4 በብዛት አለ፣ የደምና አንጎል አጥሩም ልል ነው። ከሳምንታት በኋላ እግሮቿ ይደነዝዛሉ፣ ሽንት ይዘጋባታል። ኤምአርአይ ህብለ ሰረሰሯ ላይ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የአከርካሪ አጥንቶች የሚያክል ርዝመት ያለው፣ መሃሉን የያዘ ጉዳት ያሳያል። ከኤንኤምኦ ጋር በሚምታታው፣ ማይሊን በሚጠቃበት በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ወደ ዳር የተጠጋ ነው። ደሟ ለአኳፖሪን 4 አንቲቦዲ መወሰድ ያለበት ፕላዝማ፣ ማለትም የደሟ ፈሳሽ ክፍል፣ ለሕክምና ከመቀየሩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተወሰደ አንቲቦዲው ታጥቦ ውጤቱ በስህተት ነጻ ሊመጣ ይችላል። ፕሮቲኑን በላያቸው የተሸከሙ ሴሎችን የሚጠቀመው ምርመራ ኢላይዛ ከተባለው ሌላ የአንቲቦዲ ምርመራ ይልቅ ይታመናል፤ ኢላይዛ በዝቅተኛ መጠን በሐሰት "አለ" የሚልበት ጊዜ አለ። በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ በጥቃቱ ወቅት ጂኤፍኤፒ በብዛት ይፈስሳል፣ ይህም የአስትሮሳይት ሞት አሻራ ነው።

ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ ይሰጣሉ፤ ለኤንኤምኦ ግን አይጠቅሙም፣ ሊያባብሱትም ይችላሉ። በጥቃቱ ጊዜ በቀን 1 ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ለ3 እስከ 5 ቀን በደም ስር ይሰጣል፣ በቂ መሻሻል ካልታየ ቶሎ ወደ ፕላዝማ መቀየር ይኬዳል፤ ቀን በገፋ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። የጠፋውን መመለስ ከባድ ስለሆነ ትልቁ ሥራ ቀጣዩን ጥቃት መከላከል ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ በ2019 ለዚህ በሽታ የጸደቀው ኤኩሊዙማብ፣ ኮምፕሊመንቱን ሲ5 የተባለው የሰንሰለቱ ፕሮቲን ላይ ስለሚያቆመው የአስትሮሳይቱ ግድግዳ አይበሳም። ግን ያው ሰንሰለት ማጅራት ገትር ከሚያመጣው ባክቴሪያ የሚጠብቀን ነው። ስለዚህ ክትባቱ ከመጀመሪያው መጠን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ ሕክምናው የማይዘገይ ከሆነ ክትባቱ ወዲያው ተሰጥቶ አንቲባዮቲክ ይታከልበታል። ከተከተበች በኋላም ቢሆን ታማሚዋ ድንገተኛ ትኩሳትና የአንገት መገተር ከተሰማት በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለባት።