የካሳው ቀን ሲያልፍ የጻፍኳቸው ሁለት ኢሜይሎች

በ2017 መስከረም አንድ ሚኒባስ ቪትዜን ከፊት ገጨብኝ። ባምፐርና አንድ የፊት መብራት ሄደ። ሙሉ ሽፋን ስለነበረኝ ብዙም አልተጨነቅኩም። የትራፊክ ሪፖርቱን አወጣሁ፣ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፣ መድን ድርጅቱ ዋጋውን አጽድቆ «አሠርተህ ደረሰኝ አምጣ» አለኝ። ከአማቼ ተበድሬ አሠራሁት፣ የተሰበሩትን ዕቃዎች እነሱ ሳልቬጅ ለሚሉት መጋዘናቸው አስረከብኩ። ጥቅምት 18 ሰኞ ዕለት የስምምነት ሰነዱን ፈረምኩና «በ10 የሥራ ቀን አካውንትህ ውስጥ ይገባል» ተባልኩ።

አልገባም።

ሦስቴ ደወልኩ። ሦስቴም «በሂደት ላይ ነው»። ኅዳር 5 ማታ ንዴቴ ስላልበረደ ኢሜይል ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ራሴን ያሳፍረኛል። የጀመረው «ለብሔራዊ ባንክ እከሳችኋለሁ» በሚል ነው፤ መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው እሱ ስለሆነ ማስፈራሪያው ባዶ አልነበረም፣ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ያለኝን ትልቅ ጥይት ተኮስኩና ቀጥሎ የምለው አጣሁ። ከዚያ ስለ አማቼ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አራት ዓመት ደንበኝነቴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «እባካችሁ በፈጣሪ ተባበሩኝ»። አንድ ገጽ ተኩል። የካሳ ፋይል ቁጥሬ ግን የትም የለም። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ፦ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው፤ በትዕግሥት ይጠብቁ።»

ጥፋቱ ቁጣው ብቻ አይመስለኝም። እኛ ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ እጃችን ሳያስበው ወደ ማመልከቻ ይሄዳል፤ «በትህትና እጠይቃለሁ»፣ «ትብብራችሁ እንዳይለየኝ»። ማመልከቻ ያልተወሰነ ነገር እንዲወሰንልህ የምትለምንበት ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ተወስኗል፣ ተፈርሟል፣ ቀን ተቆርጦለታል። እኔ ግን አንዴ አስፈራርቼ አንዴ ለመንኩ፣ የሚነበበውም እንደ ለማኝ ጩኸት ነበር።

ሁለተኛውን የጻፍኩት ኅዳር 12 ጠዋት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ኅዳር ሲታጠን እኔ መስኮት ዘግቼ ቀን እቆጥር ነበር። መቁጠሩ ቀላል አይደለም። «10 የሥራ ቀን» ሲባል ቅዳሜ ይገባል ወይስ አይገባም? ከገባ ቀኑ ያለፈው ጥቅምት 29 ነው፣ ካልገባ ኅዳር 2። ለእነሱ የሚመቸውን ያዝኩ። ሦስት ቀን ለማትረፍ ብዬ ጥቅምት 29 ብል ኖሮ መልሱ ስለ ቅዳሜ ክርክር ይሆን ነበር። በኅዳር 2 ግን ማንም አይከራከርም።

የላክሁት ይህን ነበር፣ ቁጥሩን ብቻ አውጥቼዋለሁ፦

«ርዕስ፦ የካሳ ፋይል ቁጥር … / የክፍያ ቀን ኅዳር 2 አልፏል

ለካሳ ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ በተጠቀሰው ፋይል ጥቅምት 18 ቀን 2017 የስምምነት ሰነድ ፈርሜ ክፍያው በ10 የሥራ ቀን እንደሚፈጸም በቢሯችሁ ተነግሮኛል። ቅዳሜን ሳንቆጥር ቀኑ ኅዳር 2 ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ክፍያው አልደረሰኝም።

የተፈረመውን ሰነድ፣ የጋራዡን ደረሰኝና የሳልቬጅ ርክክብ ወረቀቱን ቅጂ አያይዣለሁ።

እባክዎ ሁለት ነገር ያሳውቁኝ። ፋይሉ አሁን በየትኛው ክፍል ነው? የጎደለ ሰነድ ካለስ የትኛው ነው?

መልሱን እስከ ማክሰኞ ኅዳር 17 እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለካሳ ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ይኸው ነው፤ ስልክ ላይ ሳትሸበልል ታነበዋለህ።

መጀመሪያ «ክፍያው መቼ ይፈጸማል?» ብዬ ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። ለእሱ «በቅርቡ» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። «ፋይሉ በየትኛው ክፍል ነው?» ስትል ግን መላሹ ተነስቶ ማየት አለበት፣ «በሂደት ላይ» የሚባል ክፍል የለማ። የጎደለ ሰነድ ካለ ብዬ መጠየቄም ለጨዋነት ብቻ አልነበረም። ጥፋቱ ከእኔ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቦታ ክፍት ስትተው ሰውየው መከላከያ ውስጥ አይገባም።

«እባክዎ» አንዴ ብቻ አለ፣ ጥያቄው ላይ። «ካልደረሰኝ» የሚለው ላይ የለም። እዚያ «ለማቅረብ እገደዳለሁ» ብዬ ነበር፣ ሰው እንደዚያ ስለሚጽፍ። ሳነበው ግን ይቅርታ እየጠየቅኩ የምዝት መሰለኝና «አቀርባለሁ» አደረግሁት። ብሔራዊ ባንክንም አልጠራሁም። ቀጣዩ ደረጃ ኃላፊው ነው፤ እሱም ዝም ካለ ያኔ ወደ ላይ ለመሄድ ቦታ ይኖረኛል። በነገራችን ላይ ኃላፊውን ኮፒ ውስጥ አላስገባሁትም። ባለሙያዋ ሳትመልስ አለቃዋን መጨመር ከጀርባዋ መክሰስ ይሆናል፣ ፋይሉን የምታንቀሳቅሰው ደግሞ እሷው ናት።

አንድ የቆጨኝ ነገር፦ «በቢሯችሁ ተነግሮኛል» የሚለው ደካማ ነው። የ10 ቀኑ ነገር በአፍ ነበርና ማረጋገጫ አልነበረኝም። ያን ዕለት ከቢሮው እንደወጣሁ «ዛሬ ክፍያው በ10 የሥራ ቀን እንደሚፈጸም ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብዬ ሁለት መስመር ልኬ ቢሆን ኖሮ ያው ምስጋና ማስረጃ ሆኖ ይቆየኝ ነበር። እነሱ «እንዲህ አላልንም» አላሉም፣ እድለኛ ነኝ። አሁን በስልክ ቀን ከነገሩኝ ስልኩን እንደዘጋሁ እጽፋለሁ።

ኅዳር 16 ሰኞ መልስ መጣ። ፋይሉ ካሳ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ወደ ፋይናንስ አልሄደም፤ የሳልቬጅ ርክክቡ ወረቀት ከመጋዘን ስላልደረሰ ነው። የተሰበረው ባምፐር እጃቸው ውስጥ አለ፣ መረከባቸውን የሚያሳየው ወረቀት ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። እኔ ዋናውን ይዤ ስለነበር በዚያው ቀን ወስጄ ሰጠሁ። ገንዘቡ ኅዳር 24 ገባ፣ በውሉ መሠረት እኔ የምሸፍነው ድርሻ ተቀንሶ። ካሉት ቀን 22 ቀን ዘግይቶ ማለት ነው፣ ኢሜይሉ ተአምር አልሠራም።

ወረቀቱን ልሰጥ የሄድኩ ዕለት ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ኢሜይሌ ታትሞ ተቀምጧል። መጋዘን ድረስ ይዛው ሄዳ እንደነበር ነገረችኝ፤ «ቀኑም ሰነዱም ስላለበት እነሱን ለመጠየቅ ተመቸኝ» አለች። ስለ መጀመሪያው ጠየቅኳት። ሳቀችና «እሱንማ ለማን አሳየዋለሁ?» አለችኝ።