ፍጥነት እና ፍጥነት

ዛሬ ማታ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የፊዚክስ መጽሐፍ ከፍቼ ከአንዲት ገጽ አላለፍኩም። እንቅልፍ አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም (ትንሽ አለበት)። «ስፒድ» እና «ቬሎሲቲ» ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ከሁለቱም ሥር በእርሳስ «ፍጥነት» የሚል አለ። ጽሑፉ የራሴ ነው።

አንድ ሯጭ 400 ሜትር የሆነውን መም በ80 ሰከንድ ዞሮ መነሻው ላይ ቆመ እንበል። አማካይ ስፒዱ 400 ለ80 ሲካፈል 5 ሜትር በሰከንድ ነው። አማካይ ቬሎሲቲው ግን ዜሮ ነው፤ ቬሎሲቲ የሚያየው የተሮጠውን ርቀት ሳይሆን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን የቦታ ለውጥ ከነአቅጣጫው ነውና። በአማርኛ የሚያስብ ጭንቅላት ሁለቱንም ጥያቄ «አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብሎ ያነብና ለሁለቱም 5 ይጽፋል። ማካፈሉ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ገና ጥያቄው ሲነበብ ነው።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ ለማሰብ መታገል አይመስለኝም። ቃሉን እንዳለ መተው፣ ትርጉሙን ግን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይሻላል። «ቬሎሲቲ፦ የቦታ ለውጥ ለጊዜ ሲካፈል፣ ከነአቅጣጫው።» ከዚያ «የሯጩ ቬሎሲቲ ዜሮ ነው» ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ሰዋስው የእኛ፣ ስም የእነሱ።

ቃላቱን የምጽፍበት ደብተር ሦስት ዓምድ አለው፦ በግራ ቃሉ፣ በመሀል የአማርኛው ትርጉም፣ በቀኝ ቃሉን ከመንትያው የሚለይ አንድ አጭር ጥያቄ። ለቬሎሲቲ የቀኙ ዓምድ ያ ሯጭ ነው። በቀን ስምንት ቃል ይበቃል፤ ሠላሳ ሲሆን የቀኙ ዓምድ ባዶ ይቀራል፣ ያለ እሱ ደግሞ ዝርዝሩ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ግራውን ሸፍኖ አማርኛውን እያዩ ቃሉን ከነስፔሊንጉ መጻፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ተገላቢጦሽ፤ ቃሉን አይቶ ትርጉሙን። የተሳተው ወደ ቀጣዩ ዝርዝር ይሻገራል፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት ልክ የተመለሰው ይሰረዛል።

አንድ ማታለያ አለው። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲጠና አራተኛውን ቃል የሚያስታውሰው ሦስተኛው ነው፤ ፈተና ላይ ሦስተኛው የለም። ከታች ወደ ላይ ሲሞከር አፍ ከተያዘ፣ የተያዘው ቃሉ ሳይሆን ተራው ነበር ማለት ነው።

የነገው ዝርዝር በ«ወርክ» ይጀምራል። ከሥሩ «ሥራ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ይኼም ሊሰረዝ ነው። ፊዚክስ ከባድ ዕቃ ይዞ ሳይነቃነቅ ለቆመ ሰው በዕቃው ላይ የሠራው ወርክ ዜሮ ነው ይለዋል። ይህን ወፍራም መጽሐፍ በሁለት እጄ ይዤ አንድ ሰዓት ተቀምጬያለሁ። እጄ ዝሏል። ስንት ልጻፍ?